የወለዳት አባት ለጉዲፈቻው አልፈርምም ቢል? የውርሱስ ነገር?

የሦስት ልጆች እናት (ኅዳር 3)

ሰላም ለሁላችሁም። የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። ከባለቤቴ ጋር የወለድናቸው ሁለት ልጆች አሉን። ሦስተኛዋን ልጃችንን የሰጠን ጉርብትና ነው። እናቷ በግቢያችን አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። ልጅቷ ሁለት ዓመት ሳይሞላት እናቷ ዱባይ ለሥራ ስትሄድ ለእኛ ሰጥታን ሄደች። አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ በየካቲት አሥር ይሞላታል። እኔን እማዬ፣ ባለቤቴን አባዬ ትላለች።

በሕግ ልጃችን ልናደርጋት ወስነናል። እናቷ በስልክ ተስማምታለች። የወለዳት አባት ግን አዳማ እንደሚኖር ሰምተን ሰው ብንልክበት ለመፈረም ገንዘብ ጠየቀ። አሁን የምጠይቃችሁ፣ የእርሱ ፊርማ የግድ ያስፈልጋል ወይ? ደግሞስ ጉዲፈቻው ሲፈጸም ከወለድኳቸው ልጆች እኩል ትወርሳለች? የባለቤቴ ወንድሞች «ለባዕድ ልጅ የአባታችንን ቤት አናካፍልም» ማለት ጀምረዋል።

ደጉ ጎረቤት (ኅዳር 3)

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። እኔ እስከማውቀው ይህን ያህል ዓመት ያሳደገ ሰው እንደ ወላጅ ይቆጠራል፤ ፍርድ ቤት መሄድም አያስፈልግም፤ የቀበሌ ሽማግሌዎች ምስክርነት ይበቃል። ደግሞ አስቢበት፤ በጉዲፈቻ ከተሰጠች ከእናቷ ውርስ ትወጣለች ማለት ነው። እናቷ በአገሯ መሬት ካላት ልጅቷ ትጎዳለች። የሚሻለው ባለቤትሽ ኑዛዜ ቢጽፍላት ነው።

አክስቴ ያሳደገችኝ (ኅዳር 3)

ደጉ ጎረቤት፣ ይህን ምክር ሰምቶ የሚቀመጥ ሰው እንዳይኖር ስለምፈራ የራሴን ልናገር። ከአራት ዓመቴ ጀምሮ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ልጅ አልነበራትም። ሰፈሩ ሁሉ የእርሷ ልጅ አድርጎ ነው የሚያውቀኝ፤ ስትታመም ያስታመምኳት፣ ስትሞትም ድንኳን ያስጣልኩት እኔ ነኝ። አርባዋ ሳይወጣ ወንድሞቿ ፍርድ ቤት ሄደው የወራሽነት ማረጋገጫ አወጡ። ተቃውሜ ገባሁ፤ አሥራ ሁለት ምስክር ቆጠርኩ። ዳኛዋ በትሕትና ነው የጠየቁኝ፤ «በፍርድ ቤት የጸደቀ የጉዲፈቻ ስምምነት አለህ?» አሉኝ። አልነበረኝም። ኑዛዜም የለም። እናቴ የአክስቴ እህት ስለሆነችና በሕይወት ስላለች የደረሳት ነገር አለ፤ እኔን ግን በዚያ መዝገብ ላይ የሚያውቀኝ የለም።

የቤተሰብ ጉዳይ ጠበቃ (ኅዳር 4)

ከላይ የተጻፈው ታሪክ በየችሎቱ የምናየው ነው። የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ነዋሪ የሚዳኝበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጉዲፈቻ ስምምነት በፍርድ ቤት ካልጸደቀ ውጤት እንደሌለው በግልጽ ይደነግጋል። የሽማግሌ ምስክርነት ይህን አይተካም። ማሳደግ ሌላ ነው፤ የልጅነት ትስስር መፍጠር ሌላ ነው።

ከእናቷ ውርስ ትወጣለች የተባለውም ትክክል አይደለም። በእኛ ሕግ የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ትስስር አይቋረጥም። እናቷንም አባቷንም ትወርሳለች። በሁለቱ ቤተሰቦች መካከል ምርጫ ማድረግ የግድ ሲሆን ግን የጉዲፈቻው ቤተሰብ ይቀድማል።

ጠያቂዋን ሦስት ነገር ልጠይቅዎ። የልጅቷ እናትና አባት ተጋብተው ነበር? ካልተጋቡ አብረው ኖረዋል? የልደት የምስክር ወረቀቷ ላይ የአባት ስም ሆኖ የተጻፈው የማን ነው?

የሦስት ልጆች እናት (ኅዳር 4)

አመሰግናለሁ ጠበቃ። አልተጋቡም። እዚሁ በእኛ ግቢ ግን አንድ ዓመት ተኩል ያህል እንደ ባልና ሚስት አብረው ኖረዋል፤ ኪራዩንም የሚከፍለው እርሱ ነበር። ልጅቷ ከተወለደች በኋላ ጥሎ ሄደ። የልደት የምስክር ወረቀቱን እናቷ ናት ያወጣችው፤ የእርሱን ስም አስጽፋለች፤ እርሱ ግን ቀርቦ አልፈረመም።

አራተኛ ዓመት (ኅዳር 4)

የሕግ ተማሪ ነኝ። ታዲያ ጉዳዩ ቀላል ነው! አባትነትን መቀበል የሚቻለው አባትየው ራሱ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ቀርቦ፣ ወይም በኑዛዜው፣ ወይም ሥልጣን ባለው አካል በተረጋገጠ ጽሑፍ ሲሆን ነው። እናትየው ስሙን ማስጻፏ አያስገድደውም። ስለዚህ ይህ ሰው በሕግ ዓይን አባት አይደለም፤ አባቷ ያልታወቀ ልጅ ናት። አባቱ ካልታወቀ ደግሞ የእናት ፈቃድ ብቻ ይበቃል።

የቤተሰብ ጉዳይ ጠበቃ (ኅዳር 5)

ወንድሜ አራተኛ ዓመት፣ ስለ መቀበል የጻፍከው ልክ ነው። ነገር ግን መቀበል ከመንገዶቹ አንዱ ብቻ ነው። ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው በሚኖሩ ሰዎች መካከል የተፀነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባት ያ ሰው እንደሆነ ሕጉ ይገምታል። ጠያቂዋ የነገሩን አንድ ዓመት ተኩል ያው ነው። ይህን ደብቆ «አባቷ አይታወቅም» ብሎ ማመልከት ለጊዜው ያልፍ ይሆናል፤ በኋላ ግን ውርስ ሲከፈት የባለቤትዎ ወንድሞች ጉዲፈቻውን የሚያጠቁበት የመጀመሪያው ቀዳዳ ያ ነው። በግቢያችሁ የነበረ ተከራይ ሁሉ ምስክር ሊሆን ይችላል። አያድርጉት።

ስለዚህ አባት አለ፤ በሕይወት አለ፤ አድራሻውም ይታወቃል። መነሻው ሁለቱም ወላጆች መፍቀዳቸው ነው። አንዱ ከሞተ፣ ካልታወቀ፣ ከጠፋ ወይም ችሎታ ካጣ የሌላኛው ፈቃድ ይበቃል። «ጠፍቷል» ለማለትም ቢሆን ወሬው ከተሰማ ሁለት ዓመት ያለፈው ሰው በፍርድ ቤት መጥፋቱ ይወሰናል እንጂ ስልኩ አልነሳ ስላለ ብቻ አይባልም። የእናንተ ሰው ዋጋ እየተደራደረ ነው፤ ጠፍቷል ሊባል አይችልም።

አሁን የካቲት ለምን እንደሚያስፈልጋችሁ ላስረዳ። ከወላጆች አንዱ ፈቃደኛ ካልሆነና ልጁ አሥር ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ፍርድ ቤቱ የሌላኛውን ወላጅና የልጁን ሐሳብ ሰምቶ ጉዲፈቻውን ሊያጸድቀው ይችላል። ዛሬ ብታመለክቱ የአባትየው እምቢታ መንገዱን ይዘጋዋል። ከየካቲት በኋላ ግን እምቢታው አንድ የሚመዘን ነገር ይሆናል። «ይችላል» ነው ያልኩት፤ ግዴታ የለበትም።

ገንዘቡን በተመለከተ አንዲት ሳንቲም እንዳትከፍሉ። የተገዛ ፊርማ ፈቃድ አይደለም፤ ልጅን በገንዘብ ማስተላለፍም በወንጀል ሊያስጠይቅ የሚችል ነገር ነው። በስልክ ጽሑፍ የጠየቀው ካለ አስቀምጡት፤ ፍርድ ቤቱ የእምቢታውን ምክንያት ሲመዝን ይጠቅማል።

ከሲያትል (ኅዳር 5)

እኛም እንዲሁ የእህቴን ልጅ ልናሳድግ ፈልገን ነበር። እዚህ ለመጥራት የጉዲፈቻ ወረቀት ብቻ ነው የቀረን። ባለቤቴ የአሜሪካ ዜጋ ነው፤ እኔም ባለፈው ዓመት ሆኛለሁ። የልጅቷ ዕድሜ ዘጠኝ ስለሆነ እኛም አሥር እስኪሞላት እንጠብቅ ማለት ነው?

የቤተሰብ ጉዳይ ጠበቃ (ኅዳር 5)

የእርስዎ ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነው። ለውጭ አገር ዜጋ የሚደረግ ጉዲፈቻ በ2010 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1070 ቀርቷል። የልጅቷ ዕድሜ አይለውጠውም። ትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ላለው ሰው ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለው ላይ ባልደረቦቼ እንኳ አንድ ሐሳብ የላቸውም። ጉዳዩ ብቻውን ሊታይ ስለሚገባው አዲስ ርዕስ ቢከፍቱለት ይሻላል።

አባት ነኝ (ኅዳር 6)

ሁላችሁም አባትየውን ከወዲሁ ፈረዳችሁበት። ገንዘብ መጠየቁ ነውር ነው፤ አልከራከርም። ግን አሥር ዓመት እስኪሞላት ጠብቆ በጎን ማለፍ ማለት ምን ማለት ነው? እኔ ከልጄ እናት ጋር ስንለያይ ሥራ አልነበረኝም። ዓመታት ጠፋሁ። አንድ ሰው በዚያ ጊዜ መጥቶ «ፈርም» ቢለኝ እምቢ እል ነበር፤ እምቢታዬም ልጄን ስለምወድ ነበር። ዛሬ ልጄ ከእኔ ጋር ናት። ሰውየውን በአካል አግኝታችሁ አናግራችሁታል ወይስ በተላከ ሰው አፍ ብቻ ነው የምታውቁት?

የሦስት ልጆች እናት (ኅዳር 6)

ጥያቄህ ልክ ነው ወንድሜ። በአካል አላገኘነውም። ባለቤቴ በዚህ ሳምንት መጨረሻ አዳማ ሄዶ ሊያየው ነው፤ ገንዘብ ይዞ አይሄድም። ልጅቷ ስትወለድ የሆስፒታሉን የከፈለው እርሱ መሆኑንም እናቷ ነግራኛለች። ስምንት ዓመት ሙሉ ግን አንድ ቀን ደውሎ አያውቅም።

ጠበቃ፣ የእናቷን ፈቃድ ከዱባይ እንዴት እናመጣዋለን? የውርሱንም ነገር ቢያብራሩልኝ፤ አማቾቼ እረፍት ነስተውኛል።

የቤተሰብ ጉዳይ ጠበቃ (ኅዳር 7)

እናትየው ዱባይ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ፓስፖርቷን ይዛ ትሄዳለች። እዚያ ጠቅላላ ውክልና እንዳትፈርም። የምትፈርመው ሰነድ የልጅቷን ሙሉ ስም፣ የእናንተን የሁለታችሁን ስም፣ «በጉዲፈቻ እንዲያሳድጓት ፈቅጃለሁ» የሚለውንና በፍርድ ቤት ቀርቦ ስለ እርሷ የሚናገረውን ሰው የሚጠቅስ መሆን አለበት። ሰነዱ አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፤ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። ከዚያ የጉዲፈቻ ስምምነቱን፣ የጋብቻ የምስክር ወረቀታችሁን፣ የልደት የምስክር ወረቀቷንና የገቢ ማስረጃችሁን አያይዛችሁ ለፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት ታመለክታላችሁ። ባለትዳር ስለሆናችሁ ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ፤ ከእናንተ አንዱ ሃያ አምስት ዓመት የሞላው መሆኑ ይበቃል።

ውርሱን በቁጥር ላሳይዎ። ከባለቤትዎ ጋር ያፈራችሁት ቤት ስድስት ሚሊዮን ብር ያወጣል እንበል። ባለቤትዎ ኑዛዜ ሳይተው ቢያልፍ (ዕድሜ ይስጠው) ግማሹ፣ ሦስት ሚሊዮኑ፣ የእርስዎ ነው፤ ውርስ ውስጥ አይገባም። የሚወረሰው የእርሱ ሦስት ሚሊዮን ነው፤ እርሱም ለልጆቹ እኩል ይካፈላል። ጉዲፈቻው ከጸደቀ ልጆቹ ሦስት ናቸው፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ ሚሊዮን ይደርሳል። ካልጸደቀ ሁለቱ የወለዳችኋቸው አንድ ሚሊዮን ተኩል፣ አንድ ሚሊዮን ተኩል ይወስዳሉ፤ ሦስተኛዋ ምንም የላትም። ወንድሞቹ ከዚህ ቤት ላይ የሚጠይቁት ነገር በሁለቱም መንገድ የለም፤ ሟች ልጆች እያሉት ወንድም አይወርስም።

ወንድሞቹ የሚጨነቁለት የአባታቸው ቤት ነው። እዚህ ላይ ሕጉ የሰጣቸው አንድ በር አለ። የጉዲፈቻ አድራጊው ወላጆች፣ ወንድሞችና እህቶች ጉዲፈቻውን በግልጽ ከተቃወሙና ተቃውሟቸውን በጸደቀ በአንድ ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት መዝገብ ካስመዘገቡ፣ ጉዲፈቻው በእነርሱ ላይ ውጤት አይኖረውም። ግቢ ውስጥ መጮህ ተቃውሞ አይደለም፤ ዓመቱ ካለፈም አይሠራም።

አማትዎ፣ የባለቤትዎ አባት፣ እንዲህ ያለ ተቃውሞ አስመዘገቡ እንበል። አማትዎ ከባለቤትዎ ቀድመው ቢያርፉ ባለቤትዎ ድርሻውን ይወርሳል። ከዚያ በኋላ ያ ድርሻ የባለቤትዎ የግል ሀብት ነው፤ እርሱ ሲያልፍ ልጅቷም ከወንድምና እህቷ እኩል ትካፈለዋለች። ተቃውሞው አይከለክላትም፤ የምትወርሰው አባቷን እንጂ አያቷን አይደለምና። በተቃራኒው ባለቤትዎ ከአባቱ ቀድሞ ቢያልፍ፣ ሁለቱ ልጆችዎ በአባታቸው ቦታ ተተክተው አያታቸውን ይወርሳሉ፤ እርሷ ግን በተመዘገበው ተቃውሞ ምክንያት አትተካም። በአባታቸው ቤት ላይ የአማቾችዎ ጩኸት በተግባር የሚነካው ይህን አንድ ሁኔታ ብቻ ነው።

ባሕር ዳር (ኅዳር 7)

በእኛ ክልል ያው ነው?

የቤተሰብ ጉዳይ ጠበቃ (ኅዳር 7)

የአማራ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፤ ሌሎች ክልሎችም እንዲሁ። ብዙው ይመሳሰላል፤ ዕድሜውንና የወላጅ ፈቃዱን ግን ከክልሉ አዋጅ ላይ ሳታነቡ የእኔን ጽሑፍ ይዛችሁ አትሂዱ።

የማኅበራዊ ባለሙያ ነበርኩ (ኅዳር 8)

ለችሎት የሚቀርብ የልጆች ጥናት ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ ጠበቃው የዘለለውን ልጨምር። ፍርድ ቤቱ ከማጽደቁ በፊት ጉዲፈቻው ለልጁ የሚበጅ መሆኑን ያጣራል፤ የልጁንም ሐሳብ ይሰማል። ቤት ስመጣ የማየው ሳሎኑን አይደለም። ልጅቷ የት እንደምትተኛ፣ የትምህርት ቤት ደብተሯ የት እንደሚቀመጥ፣ ልብሷ ከሌሎቹ ልጆች ልብስ ጋር በአንድ ቁምሳጥን መሆኑን አያለሁ። «ጠዋት ማን ቀድሞ ይነሳል? ቡና ማን ያፈላል? እቃ ማን ያጥባል?» ብዬ ልጆቹን ለየብቻ እጠይቃለሁ። የአሥር ዓመት ልጅ ስታጠና የምትውለውና ስትሠራ የምትውለው ከመልሷ ይለያሉ። አንድ ቤት ውስጥ ሁለቱ ልጆች «የእኛ እህት» እያሉ ሦስተኛዋ ወጥ ቤት አጠገብ ምንጣፍ ላይ እንደምትተኛ አይቻለሁ፤ ያ ማመልከቻ አልጸደቀም።

ጉዲፈቻ አንዴ ከጸደቀ በማንም ፍላጎት እንደማይሻርም እናስታውስ። የሚሻረው አሳዳጊው ልጁን እንደ ባሪያ ሲይዘው ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ መንገድ ሲይዘው ነው። እህቴ፣ የዱባይዋ እናት ይህን ታውቃለች? «ፈቅጃለሁ» ያለችው ምን መስሏት ነው?

የሦስት ልጆች እናት (ኅዳር 10)

ለዚህ ጥያቄ ትናንት ማታ ደወልኩላት። ስለ አለመሻሩ ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። እርሷ የመሰላት ለትምህርት ቤትና ለሕክምና የሚሆን ወረቀት ነው። «ስመለስስ ልጄ አይደለችም ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ልጅሽ ናት፤ ሕጉም ይህን አይቆርጥም፤ የምታሳድጋትና ስለ እርሷ የምትወስነው ግን እኔ እሆናለሁ አልኳት። ለማሰብ ጊዜ ስጪኝ አለች። ለፋሲካ ፈቃድ ወስዳ ልትመጣ ነው። ቁጭ ብለን እንነጋገራለን፤ እስከዚያ ምንም ሰነድ እንድትፈርም አልጠይቃትም።

ባለቤቴም አዳማ ሄዶ ነበር። አባትየው ስለ ገንዘቡ አላነሳም። የልጅቷን ፎቶ ጠይቆ ወሰደ። አልፈርምም አላለም፤ እፈርማለሁም አላለም።

አባት ነኝ (ኅዳር 10)

ፎቶዋን መጠየቁን አትናቁት።

አክስቴ ያሳደገችኝ (ኅዳር 10)

እህቴ፣ መጠበቅሽ ልክ ነው። ግን እስከ ፋሲካ ምን እንደሚመጣ አይታወቅም፤ አክስቴም «ለሚቀጥለው ዓመት» እያለች ነው ያለፈችው። የሚሆነው እስኪሆን አንድ ነገር በእጅሽ ይኑር።

የሦስት ልጆች እናት (ኅዳር 11)

ጠበቃ፣ እስከዚያው ባለቤቴ ለእርሷ ኑዛዜ ቢጽፍ ያዋጣል?

የቤተሰብ ጉዳይ ጠበቃ (ኅዳር 11)

ያዋጣል፤ ጉዲፈቻውን ግን አይተካም። በኑዛዜ የምታገኘው እንደ ልጅ ሳይሆን እንደ ስጦታ ተቀባይ ነው፤ ኑዛዜው በማንኛውም ቀን ሊሻር ይችላል፤ የልጆቹን ድርሻ እጅግ የሚያሳንስ ከሆነም ክርክር ይጋብዛል። ስለዚህ ልከኛ ይሁን፤ ለምሳሌ በስሙ ባንክ ካለው ገንዘብ ይህን ያህሉ ለእርሷ ይሁን ይበል፤ እርስዎም ስለ ግማሽዎ እንዲሁ በራስዎ ኑዛዜ ይጻፉ። ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት አይናዘዙም።

ሌላ ሰው የሚጽፍላችሁ ከሆነ ኑዛዜው በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ መነበቡም ቀኑም በኑዛዜው ውስጥ ይጻፋል፤ ሁሉም እዚያው ይፈርማሉ። የወደቁ ኑዛዜዎችን ሳይ አብዛኞቹ የወደቁት «በአራት ምስክሮች ፊት ተነበበ» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ስላልተጻፈች ነው። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ የሰነዶች ማረጋገጫ ሹም ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል፤ እኔ ይህን እመርጣለሁ፤ ሰነዱም እዚያው ይቀመጣል። ልጅቷን በኑዛዜው ውስጥ በልደት የምስክር ወረቀቷ ላይ ባለው ስም ጥሯት፤ በባለቤትዎ ስም አትጥሯት፤ ዛሬ ያለችው ሰው ያቺ ናት። የጉዲፈቻው ውሳኔ ሲገኝ ወረዳው ላይ ታስመዘግቡታላችሁ፤ የአባት ስሟም የሚለወጠው ያኔ ነው፤ የትምህርት ቤት ሰነዷንም ከዚያ በኋላ በአንድ ጊዜ አስተካክሉት።

የሦስት ልጆች እናት (ኅዳር 11)

ሰኞ እንሄዳለን። ከፋሲካ በኋላ ተመልሼ እጽፋለሁ።